ጡጫ ሲጨብጥ የሚጠፋው ሮቦት እጅ፦ 12 ሰርቮን እንዴት ጸጥ እንዳሰኘን

ባለፈው ክረምት ጅማ ሄርማታ ካለችው መጠገኛ ሱቄ ጠረጴዛ ግማሹን የያዘው አንድ ሮቦት እጅ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ የመመረቂያ ሥራው ነው። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ስጠግን እያየኝ ስላደገ፣ ነገሩ ሲጠፋበት ይዞት መጣ። ሁለታችንም ብዙ ቀን ያባከንነው የተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ያን ያህል እንዳይደክም ያገኘነውን እጽፋለሁ።

እጁ 12 ሰርቮ አለው። ክንዱ ውስጥ 8 ኤምጂ996አር አሉ፤ መዳፉ ውስጥ ደግሞ ጣቶቹን ወደ ጎን የሚከፍቱ 4 ትንንሽ ኤምጂ90ኤስ። ጣቶቹን የሚስበው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው ኢኤስፒ32 ሲሆን፣ ለሰርቮዎቹ ምት የሚያመነጨው ባለ 16 ቻናሉ ፒሲኤ9685 ሰሌዳ ነው።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲታጠፉ ምንም ችግር የለም። "ጡጫ ጨብጥ" ሲባል ግን ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንዴ ይለቃሉ፣ ኢኤስፒው እንደገና ይነሳል፣ ኮምፒውተሩ ላይም ይቺ መስመር ትወጣለች፦

```
Brownout detector was triggered
```

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለቺፑ የሚደርሰው ቮልት ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ እጁ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ሌባ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ብርድ እንደያዘው ሰው፣ ያለማቋረጥ። እኛ ሁለቱንም አንድ በሽታ አድርገን ነው የያዝነው። አልነበሩም። ግን ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ልጁ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር ሞክሯል። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያገኛትን ይህችን መስመር ኮዱ ውስጥ አስገባ፦

```
WRITE_PERI_REG(RTC_CNTL_BROWN_OUT_REG, 0);
```

ይቺ መስመር ቮልት ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን ጠባቂ ታጠፋለች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቮልቱ መውደቁን አላቆመም፤ የቆመው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኢኤስፒው እንደ ድሮው እንደገና መነሳቱን ትቶ አንዳንዴ ደርቆ ይቀራል፣ አንዳንዴም ያልታዘዘውን ይልካል። አንድ ቀን ማታ አውራ ጣቱ ማንም ሳያዘው እስከ መጨረሻው ዞሮ ክሩን በጠሰው። ጠባቂው መልሶ ቢበራ ይሻላል፤ መጮሁ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ 5 ቮልት 10 አምፔር የሚል ትልቅ የኤልኢዲ ፓወር ሳፕላይ መግዛት ነበር። ለውጥ አላመጣም። ሦስተኛው 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መጨመር ነበር፤ ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልዳነም። ስለ ካፓሲተሩ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦

```
ΔV = I × t / C
```

ከምንጩ የጎደለው 3 አምፔር ብቻ ነው እንበል። ካፓሲተሩ ያን ጉድለት ለ1 ሚሊ ሰከንድ ሲሸፍን 3 × 0.001 / 0.001 ነው፣ ማለትም 3 ቮልት ይወርዳል። በ1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ! ሰርቮ ከቆመበት ሲነሳ የሚስበው ትልቁ ከረንት ደግሞ በአሥር የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ ካፓሲተር ለአጭር ሹል ጉድለት እንጂ ለደካማ መስመር መድኃኒት አይሆንም። አምስት ካፓሲተር ደርድረው "አልሠራም" የሚሉ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ይህ ነው።

ወደ ሱቄ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ቴስተሬን አውጥቼ ሰርቮዎቹ ጋ መለካት ነበር። 5.02 ቮልት። ጡጫ አስጨበጥኩት፣ ቁጥሩ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ቮልቱ እኮ ደህና ነው" አለኝ።

"ቴስተሩ ዘገምተኛ ነው፣ የኔ ልጅ። ቶሎ ወርዶ ቶሎ የሚመለሰውን አያይልህም" አልኩት።

ኦሲሎስኮፕ የለኝም። ግን ኢኤስፒው ራሱ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ቮልት ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወስደን ተከታታይ አድርገን፣ ከሰርቮዎቹ ቀይ መስመር ወደ ግራውንድ አያያዝናቸው፤ መካከላቸውን ፒን 34 ላይ አስገባን። 5 ቮልቱ በግማሽ ተከፍሎ 2.5 ሆኖ ይገባል፣ ለፒኑም አይከብደውም። ኮዱ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር ብቻ ይይዛል፦

```
int minMv = 9999;
void watch() {
  int v = analogReadMilliVolts(34) * 2;
  if (v < minMv) minMv = v;
}
```

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢኤስፒው ራሱ በሚወድቀው መስመር ላይ ካለ ልኬቱን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ በልኬቱ ጊዜ ከላፕቶፕ በዩኤስቢ አብሩት። 5 ቮልት ፒኑ ላይ ያለውን የፓወር ሳፕላይ ሽቦ ግን ንቀሉት፣ ሁለት ምንጭ እርስ በርስ እንዳይገፋፋ። ግራውንዱ ይቆይ።

ፓወር ሳፕላዩ አፍ ላይ ስንለካ ዝቅተኛው 4.8 ቮልት ነበር። ያ ጤናማ ነው። ሰርቮዎቹ ጋ ስንለካ 3.5 ሆነ። ልጁ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ያው ነው። ስለዚህ ምንጩ ንጹሕ ነው፤ ቮልቱ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ ምን ነበር? 80 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከአሮጌ ገመድ የወጣ ቀጭን ሽቦ፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ። እንዲህ ያለ ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም ያህል ይከለክላል። ከረንት ሄዶ ይመለሳል፤ ስለዚህ መንገዱ 80 ሳይሆን 160 ሴንቲሜትር ነው። 1.6 × 0.084 ወደ 0.135 ኦም ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ኤምጂ996አር ግን ሲታገድ ወደ 2.5 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ሞተር ደግሞ ከቆመበት በሚነሳበት ቅጽበት ልክ እንደታገደ ነው የሚስበው። አምስት ጣት በአንዴ ሲነሳ እኛ ጋ ወደ 9 አምፔር ነው ብለን ገመትን። 9 × 0.135 ሲባዛ 1.2 ቮልት ይሆናል። ከ4.8 ላይ ሲነሳ 3.6። የቀረው አንድ አሥረኛ ቮልት ጃምፐሮቹ ጫፍ ላይ ነው የቀረው።

ኢኤስፒው የሚበላው ከዚያው ጫፍ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ትንሽ ሬጉሌተር 3.3 ቮልት ለማውጣት ከ1 ቮልት በላይ ትርፍ ይፈልጋል። 3.5 ሲገባለት የሚያወጣው 2.4 አካባቢ ነው። ጠባቂው የጮኸው በትክክል ነው። 10 አምፔሩን በ50 አምፔር ብንቀይረው እንኳ ያው ይሆን ነበር፣ ሽቦው አልተቀየረማ።

ሌላም ምልክት ነበረ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። አንዳንድ ጊዜ ኢኤስፒው ሳይጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ መልእክት እየጻፈ፣ እጁ ግን ዝልፍልፍ ይላል። ጣቶቹን በእጅህ ብታጥፋቸው አይቃወሙም። ይህ ሲሆን የወደቀው ፒሲኤ9685 ነው። ቮልት ወርዶ ሲነሳ በእንቅልፍ ሁኔታ ነው የሚነሳው፣ ምትም አያወጣም፤ ኢኤስፒው ግን መተኛቱን አያውቅም። ለማረጋገጥ 0x00 የሚለውን ሬጅስተር አንብቡ። የ0x10 ቢት 1 ከሆነ ተኝቷል። በእኛ በኩል በየግማሽ ሰከንዱ እያነበብን፣ ተኝቶ ካገኘነው ደግሞ ማስጀመሪያውን እንደገና እንዲጠራ አደረግን። ይህ ግን መጠባበቂያ ነው፤ ዋናው መስመሩን ማስተካከል ነው።

አሁን ግራውንድ። እዚህ ላይ ነው በጣም የምቆረቆረው፣ ምክንያቱም ሥዕል ላይ ግራውንድ ሁሉ አንድ ይመስላል። በተግባር ግን አይደለም። ከዚያ 1.2 ቮልት ግማሹ የሚጠፋው በመመለሻው ጥቁር ሽቦ ላይ ነው። ማለትም ጡጫ ሲጨበጥ የሰርቮዎቹ ግራውንድ ከፓወር ሳፕላዩ ግራውንድ 0.6 ቮልት ከፍ ይላል። ኢኤስፒውን ከሌላ ቻርጀር ብታበሩትና ግራውንዱን ፓወር ሳፕላዩ አፍ ላይ ብታገናኙት፣ ኢኤስፒው "ዜሮ" ያለውን ፒሲኤው ሌላ ቁጥር አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት የአይቱሲ መልእክት ይበላሻል፣ አንድ ጣት ያልታዘዘውን ይዘላል። በዚያ ላይ ከረንት ሁሉንም ክፍት መንገድ ስለሚከፋፈል፣ ከሰርቮዎቹ የሚመለሰው ክፍል በቀጭኑ የአይቱሲ ግራውንድ በኩልም ያልፋል። ያቺን ሽቦ ጡጫ ደጋግመን ካስጨበጥን በኋላ በጣቴ ነካኋት። ሞቃ ነበር። የሲግናል ሽቦ ሲሞቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሠራነው ይህን ነው። ከሱቁ ጓዳ የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ አወጣሁ። ጀርባው ላይ ለ5 ቮልት 25 አምፔር ይላል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ስታገናኙት ይነሳል፤ ቀዮቹ 5 ቮልት፣ ጥቁሮቹ ግራውንድ ናቸው። አንዳንዱ አሮጌ ያለ ጭነት አይነሳም፣ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብታያይዙበት ይበቃዋል። ሳጥኑን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ክፉኛ ይመታል። ቀዮቹን አራቱን አንድ ላይ፣ ጥቁሮቹንም አራቱን አንድ ላይ አድርገን በካውያ በየድናቸው። ከዚያ እስከ እጁ ድረስ የቤት መስመር የሚዘረጋበትን 2.5 ሽቦ ተጠቀምን። በዚህ ሽቦ 1.6 ሜትሩ 0.011 ኦም ብቻ ነው፤ በ9 አምፔር የሚያጠፋው 0.1 ቮልት።

ክንዱ ሥር ሁለት የብሎን ማገናኛ ደረደርን፣ አንዱ ለቀይ አንዱ ለግራውንድ። ከእያንዳንዱ ሰርቮ ቀዩና ቡኒው በቀጥታ እነዚህ ላይ ታሰሩ። ወደ ፒሲኤ ሰሌዳ የሚሄደው ብርቱካናማው የሲግናል ሽቦ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለችውን የሰርቮ ፓወር ማስገቢያ ባዶ ተውናት፤ ያቺ ትንሽ ማስገቢያና ሥሯ ያለው የመዳብ መስመር ለ12 ሰርቮ አይሆኑም። ከግራውንዱ ማገናኛ አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ወደ ፒሲኤው ሄደ። ኢኤስፒው በስልክ ቻርጀር ለብቻው በላ፣ ግራውንዱም እዚያችው ማገናኛ ላይ ብቻ ታሰረ። ሌላ የትም አይነካም። አንድ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማገናኛው አፍ ላይ አደረግን፣ አሁን ሥራውን ይሠራል። ቀዩ መስመር ላይ ደግሞ ባለ 15 የመኪና ፊውዝ ገባ። ይህን አትዝለሉት። 25 አምፔር የሚችል ምንጭ ቀጭን የሰርቮ ሽቦ ላይ ሾርት ቢያደርግ ሽቦው ይቀጣጠላል።

ቀጥሎ ጣቶቹ በአንዴ እንዳይነሱ አደረግን። በመካከላቸው 40 ሚሊ ሰከንድ ሰጠናቸው፦

```
for (int i = 0; i < 12; i++) {
  int s = i * 250;
  pwm.setPWM(i, s, s + target[i]);
  unsigned long t = millis();
  while (millis() - t < 40) watch();
}
```

እጁ ለመጨበጥ ግማሽ ሰከንድ ይወስድበታል፣ ለዓይን ግን የተፈጥሮ እጅ ይመስላል፤ ጣት ጣትን ተከትሎ ነው የሚታጠፈው። `i * 250` የምትለው ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። እንዲሁ ከተተወ የ12ቱም ሰርቮ ምት በአንድ ቅጽበት ይጀምራል፣ ሁሉም በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አብረው ይስባሉ። በዚህች ግን የእያንዳንዱ መነሻ ይራራቃል። የምቱ ርዝመት ስለማይለወጥ ጣቱ የሚቆምበት ቦታ አይቀየርም።

ጡጫ። ጡጫ። ደግሞ ጡጫ። ዝቅተኛው ቮልት 4.75። ልጁ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ሌባ ጣቱ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ነው ሁለት በሽታ መሆናቸው የገባን። ክሩን ከሰርቮው ፈታሁት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ። ያለ ጭነት ጸጥ ካለ ሲግናሉ ደህና ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ሰርቮው ከሚስበው ነገር ጋር ነው። ያለ ጭነትም ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ሰርቮውን ሌላ ቻናል ላይ ሰክተን እናይ ነበር። መንቀጥቀጡ ሰርቮውን ተከትሎ ከሄደ ውስጡ ያለው ፖቴንሽዮሜትር አልቋል፣ ቻናሉ ላይ ከቀረ ደግሞ ሽቦው ወይም ኮዱ ነው። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ቀድመን ብናደርገው ሳምንት እናተርፍ ነበር።

የሌባ ጣቱ ክር ከሌሎቹ ትንሽ አጠር ብሎ ነው የታሰረው። ጣቱ መዳፉን ነክቶ ከቆመ በኋላም ኮዱ ሰርቮውን "ገና ነህ፣ ሳብ" ይለዋል። ሲከፈትም እንዲሁ፣ ጣቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ወደ ቦታው የሚመልሰው ላስቲክ ወደ ኋላ እየጎተተው ሰርቮው ይታገላል። ሰርቮው ይገፋል፣ ትንሽ ይለቃል፣ እንደገና ይገፋል። ያ ነው መንቀጥቀጡ። በዚያ ላይ ሳያቋርጥ ይስባል፤ ሰውነቱ በእጅ አይያዝም ነበር፣ ይፋጃል።

ለእያንዳንዱ ጣት የራሱን ወሰን ሰጠነው። በ50 ኸርዝ የፒሲኤ አንድ እርምጃ 4.88 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ አንድ እርምጃ እየጨመርን ጣቱ መዳፉን እስኪነካና ሰርቮው ማጉረምረም እስኪጀምር ሄድን፣ ከዚያ 8 እርምጃ ተመለስን። ያ ቁጥር ወሰኑ ሆነ። በመክፈቻውም በኩል እንዲሁ። 12 ሰርቮ፣ 24 ቁጥር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ጣሪያው ላይ ያለው ዝናብ ብቻ ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረ። ልጁ እጁን የሚያዘው በጓንት ላይ በተሰፉ መታጠፍን በሚለኩ ሴንሰሮች ነው፣ ንባባቸው ደግሞ እጅ ዝም ባለበት እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። ከ3 እርምጃ በታች የሆነ ለውጥ እንዳይላክ አደረግን። በቃ።

ይህ ሁሉ የማይፈታውም አለ። እጁ ጠርሙስ ጨብጦ ሲቆይ ሰርቮዎቹ ይስባሉ፣ ይሞቃሉም፤ ያ የመያዝ ዋጋ ነው። ለረጅም ጊዜ መያዝ ያለበት እጅ ከሆነ፣ ከጨበጠ በኋላ የሚቆልፍ ሜካኒካል ነገር እንጂ ኮድ አያድነውም።

ሁሉም አልቋል ብለን ስናበቃ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ እጁ በአንዴ ተወርውሮ ተነሳ፣ ቁጥሩም 4.3 ላይ ወረደ። ገባኝ። ኢኤስፒው ሲነሳ ጣቶቹ የት እንደቆሙ አያውቅም፣ ሰርቮዎቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያገኙ ካሉበት በሙሉ ኃይል ይሮጣሉ፤ 40 ሚሊ ሰከንድ ለዚያ ሩጫ አትበቃም፣ ስለዚህ ይደራረባሉ። ማስጀመሪያው ላይ ብቻ ክፍተቱን 300 ሚሊ ሰከንድ አደረግነው። እጁ አሁን ሲነሳ ወደ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። እናንተም ሥራችሁን ስትፈትሹ ጡጫ ብቻ አታስጨብጡት። ጣቶቹን በእጃችሁ ዘበራርቋቸው፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሰኩት፣ ከዚያ `minMv` ስንት እንዳለ ተመልከቱ። እኛ ጋ አሁን 4.7 ላይ ነው የሚቆመው።